ጠብ ጠብ የሚለው ሚክሰር፦ ከቱሉ ዲምቱ የአንድ ኩሽና ጉዳይ

ቤቱና ውሃው

ቤቱ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሚኖሩበት አንዲት የሒሳብ መምህርት፣ የ15 ዓመት ልጇና እናቷ ናቸው። ባለቤቷ ሹፌር ስለሆነ በወር ውስጥ ቤት የሚውለው ጥቂት ቀን ነው። እኔ ፊት ለፊታቸው እኖራለሁ። 11 ዓመት ሕንፃ ጥገና ላይ ስለሠራሁ የብሎኩ ሰው ቧንቧ ሲበላሽበት በሬን ማንኳኳት ለምዷል። በዚህ ጉዳይ ግን ቁልፍ አልያዝኩም። ወገቤን ካመመኝ ወዲህ ሲንክ ስር መግባት አልችልም። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ፣ አልፎ አልፎም ተናገርኩ። ሥራውን የሠራችው እሷ ናት።

የዚህን ቤት ውሃ ሳይረዱ ጉዳዩን መረዳት አይቻልም። የከተማው ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ሲመጣ ከታች ካለው ቆጣሪ ወደ ቤት ይገባል፣ በዚያው ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ ይሞላል። ሲሄድ ደግሞ ሮቶው በተራው ቤቱን ያጠጣል። ስለዚህ ቤቱ አንድ ሳይሆን ሁለት የውሃ ምንጭ አለው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ጉድ ያፈላው እሱ ነው።

ሚክሰሩ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅል የኩሽና ቧንቧ ነው። አንገቱ ረጅም፣ እጀታው አንድ። እጀታውን ወደ ላይ ሲያነሱት ይከፈታል፣ ወደ ግራ ሙቅ፣ ወደ ቀኝ ቀዝቃዛ። ከተገጠመ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ችግሩ

በጥቅምት መጨረሻ ላይ እጀታው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶም ከአፉ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ እጀታውን ጫን አድርገው ሲዘጉት ያቆም ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጫኑም አልረዳ አለ።

እናቷ ሳፋ ከስሩ አስቀምጠው ውሃውን ለዕቃ ማጠቢያ ያደርጉት ነበር። መምህርቷ ግን ልኬት ትወዳለች። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከአፉ ስር አቁማ ሰዓት ያዘች። በ40 ደቂቃ ሞላ። በቀን 18 ሊትር ማለት ነው፤ አንድ ጀሪካን ሊሞላ ሁለት ሊትር ሲቀረው። የከተማው ውሃ በመጣበት ሌሊት ደግሞ ያው ሃይላንድ በ25 ደቂቃ ሞላ። ግፊቱ ከሮቶው ስለሚበልጥ ነው። ለሦስት ቀን በሮቶ ለሚኖር ቤት ይህ ቀልድ አይደለም።

ጎሚኒ የተገዛበት ሳምንት

ልጁ መጀመሪያ ያደረገው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው። ከዕቃ ሱቅ አንድ ፌስታል ጎሚኒ ገዝቶ መጣ። ትልቅ፣ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ቀይ። አባቱ ድሮ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ጎሚኒ ሲቀይር አይቷል።

ስህተቱ የሚገባ ስህተት ነው። ያ እየዞረ የሚዘጋው የድሮ ቧንቧ ጫፉ ላይ ጎሚኒ አለው። እጀታውን ባዞሩት ቁጥር ጎሚኒው ወደ ታች ወርዶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ሲያረጅ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ያሳልፋል። ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ውስጥ ግን እንዲህ የሚጫን ጎሚኒ የለም። ያለው ካርትሪጅ ነው። የአውራ ጣት ርዝመት ያላት፣ ከፕላስቲክ የተሠራች ክብ ዕቃ ናት። ሆዷ ውስጥ እንደ መስታወት የለሰለሱ ሁለት የሴራሚክ ሳህኖች ተደራርበው ተቀምጠዋል። የታችኛው አይንቀሳቀስም፣ የላይኛው ከእጀታው ጋር ይንሸራተታል። ቀዳዳዎቻቸው ሲገጣጠሙ ውሃ ያልፋል፣ ሲተላለፉ ይቆማል።

ጎሚኒ ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። ካርትሪጇ ከግርጌዋ የሲሊኮን ቀለበቶች አሏት፣ የሚዞረው አንገት ስር ደግሞ ኦሪንግ የሚባል የጎማ ቀለበት አለ። ግን የትኛው እንደተበላሸ ውሃው ራሱ ይናገራል። ከአንገቱ ስር፣ ሲንኩን የሚያረጥብ ከሆነ ኦሪንጉ ነው። ከእጀታው ስር የሚወጣ ከሆነ ካርትሪጇን የያዘው ዳዶ ላልቷል ወይም የካርትሪጇ የላይ ማሸጊያ ሄዷል። እጀታው ተዘግቶ ከአፉ ጫፍ የሚንጠባጠብ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ካርትሪጇ ናት። የመምህርቷ ከአፉ ነበር። የጎሚኒው ፌስታል እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አለ።

በዚያው ሳምንት ሁለት ቧንቧ ሠራተኞች ተጠርተው ነበር። አንዱ ሳያየው በስልክ «ሚክሰሩ ይቀየር» አለ። ሌላው ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥቶ ሦስቱንም አልመጣም።

ከመፍታት በፊት የተደረገ አንድ ነገር

ሲንኩ ስር ሁለት ትናንሽ ቫልቮች አሉ። አንዱ ለሙቅ፣ አንዱ ለቀዝቃዛ። ከእነሱ ወደ ሚክሰሩ ፍሌክሲብል ይሄዳል። መጀመሪያ የሙቁን ብቻ እንድትዘጋ ነገርኳት። ዘጋች። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብ ጠብ አለና ጸጥ አለ።

«ውሃው እኮ ቀዝቃዛ ነው፣ እንዴት የሙቁ ይሆናል?» አለች። ማሞቂያው ካልበራ በሙቁ መስመር የሚመጣውም ቀዝቃዛ ነው። በእጅ ነክቶ መለየት አይቻልም፣ ቫልቭ ዘግቶ እንጂ።

የትኛውም ወገን ቢሆን መፍትሔው አንድ ነው፣ ካርትሪጇ ትቀየራለች። ታዲያ መለየቱ ምን ይጠቅማል? ጊዜ ይገዛል። የሙቁን ቫልቭ ዘግታ ኩሽናውን አምስት ቀን በቀዝቃዛው ብቻ ተጠቀመች። ጠብታ የለ፣ ጥድፊያ የለ። ቅዳሜ እስኪደርስ ማለት ነው።

መፍታት

ቅዳሜ ጠዋት የሮቶውን ቫልቭ ዘጋች። ሲንኩ ስር ያሉትን ሁለቱንም ዘጋች። እጀታውን ከፍታ በመስመሩ የቀረው ውሃ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ የሲንኩን መውረጃ በጨርቅ ደፈነች። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ትንሿ ብሎን እዚያ ከገባች ሥራው ሌላ ሥራ ይወልዳል።

እጀታው ላይ ቀይና ሰማያዊ ምልክት ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አለች። በቢላ ጫፍ ስታነሳት ከውስጥ ቀዳዳ ታየ። ቀዳዳው ውስጥ ራስ የሌላት ትንሽ ብሎን አለች። የምትፈታው አለን ኪ በሚሉት፣ ስድስት ማዕዘን ባለው ኤል ቅርጽ ቁልፍ ነው። ልጁ 2.5 ሚሊሜትሩን አመጣ። ገባ፣ ግን ሲዞር ይንሸራተታል። አስቆምኳቸው። የብሎኗ ቀዳዳ በቆሻሻ ተደፍኖ ነበር። በመርፌ ጠርጋ፣ ሁለት ጠብታ አቼቶ አድርጋ፣ ሩብ ሰዓት ጠበቀች። ከዚያ 3 ሚሊሜትሩ ጥርቅም ብሎ ገባ። በትንሹ ቁልፍ ቢታገሉ ኖሮ ማዕዘኖቹ ተልጠው እጀታውን በመጋዝ ከመቁረጥ ሌላ መንገድ አይኖርም ነበር። ብሎኗን ሁለት ሦስት ዙር ማላላት በቂ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ማውጣት አያስፈልግም። እጀታው ወደ ላይ ተነቀለ።

ከእጀታው ስር የሚያብረቀርቅ ክዳን አለ። በደረቅ ጨርቅ ይዛ በእጇ አዞረችው። ከእሱ ስር የነሐስ ዳዶው ብቅ አለ። ካርትሪጇን አፍኖ የያዛት እሱ ነው። ልጁ የሚክሰሩን አካል በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ፣ እሷ አፉ በሚሰፋና በሚጠበው ቁልፍ ዳዶውን ፈታች። አካሉ ካልተያዘ ሚክሰሩ አብሮ ይዞርና ከስር ፍሌክሲብሎቹን ይጠመዝዛቸዋል።

ካርትሪጇ በእጅ ተጎትታ ወጣች። ውጫዊ ስፋቷን መለካት ነበረባት። ካሊፐር የለም። መምህርቷ ለክፍል የምትጠቀምባቸውን ሁለት የእንጨት ማዕዘኖች አመጣችና ካርትሪጇን መሃል አጣብቃ ርቀቱን በማስመሪያ አነበበች። 35 ሚሊሜትር። ፎቶ አነሳቻት፣ መልሳ ከተተቻት፣ ዳዶውን በእጅ አሰረች። ቤቱ ውሃ ሊጠቀም ይችላል።

ሁለት ጊዜ ሱቅ መሄድ

ልጁ ፎቶውን ይዞ ሄደ። የሱቁ ሰው «ትልቁ ነው ትንሹ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ «ትልቁ» አለ። እናቱ የለካችውን ቁጥር አልጠየቀም፣ እሷም አልነገረችውም። ይዞት የመጣው 40 ሚሊሜትሩን ነበር። የባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ካርትሪጅ አብዛኛውን ጊዜ 35 ወይም 40 ነው፤ በፎቶ መንትያ ናቸው። አምስቱ ሚሊሜትር የምትታወቀው አልገባ ስትል ነው። ውሃ ስላልነካት ሱቁ እንደሚቀይርላቸው በስልክ ተስማማ።

በሁለተኛው ጉዞ ልጁ አሮጌዋን ራሷን ይዞ ሄደ። ይህ ትክክል ነበር። ሱቁ ውስጥ ሦስት ዓይነት ባለ 35 ቀረቡለት። አንደኛዋ ከስሯ ጠፍጣፋ ናት። ሌላዋም ጠፍጣፋ ናት፣ ግን የላይኛዋ ዘንግ፣ እጀታው የሚሰካባት፣ ታጥራለች። ሦስተኛዋ ከስሯ እግር አውጥታ ከፍ ያለች ናት። የእሱ ጠፍጣፋና ባለ ረጅም ዘንግ ነበረች። አሮጌዋንና አዲሷን ግርጌ ለግርጌ አጋጥሞ ሦስቱን ቀዳዳና ሁለቱን ትናንሽ እሾሆች አመሳከረ። እሾሆቹ ሚክሰሩ ውስጥ ካሉ ሁለት ጉድጓዶች ጋር የሚገጥሙ ናቸው። ዋጋዋ ከአዲስ ሚክሰር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ልጁ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ይህን ሲያመሳክር ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ።

ውሃው መጣ

የፈረቃው ቀን አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሕፃን «ውሃ መጣ!» ብሎ ጮኸ። በአካባቢያችን ይህ ጩኸት የደስታ ነው። ኩሽናው ውስጥ ግን ሚክሰሩ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ቆሟል። ካርትሪጇ ሱቅ ናት።

ሮቶው ተዘግቷል። ሲንኩ ስር ያሉትም ቫልቮች ተዘግተዋል። ቢሆንም የቀዝቃዛው ቫልቭ አርጅቶ ኖሮ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም። ሮቶው በተዘጋበት ሰዓት መስመሩ ውስጥ ግፊት ስላልነበረ ማንም አላወቀም። የከተማው ውሃ ሲመጣ ከተከፈተው አካል ውስጥ ተንፎልፍሎ ወጣ። መጀመሪያ አየር ተነፈሰ፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ደግሞ የጠራው። እናቷ «ወይኔ ግድግዳዬ!» እያሉ ሳፋ ይዘው መጡ። መምህርቷ የተጠቀለለ ፎጣ ጭና በመዳፏ ያዘችው። እኔ ወገቤን ረስቼ ሦስት ፎቅ ወረድኩና ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን ቫልቭ ዘጋሁ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ጠዋት «ሮቶውን ዝጊ» አልኩ፣ «ቆጣሪውንም ዝጊ» አላልኩም። ፈረቃው ሌሊት ነው ብዬ ተማምኜ። ሁለተኛው ጥፋት የሲንክ ስር ቫልቭ ተዘጋ ማለት ውሃ ቆመ ማለት ነው ብለን ማመናችን ነው። ማረጋገጫው ግፊት ባለበት ሰዓት ቫልቮቹን ዘግቶ እጀታውን መክፈትና አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከአፉ ክር እንኳ የሚያህል ውሃ ከመጣ ቫልቩ አይታመንም፤ መዘጋት ያለበት ቆጣሪው ጋ ነው። ጠዋት ካርትሪጇን መልሳ መክተቷ ግን ብልህነት ነበር። በቦታዋ ብትሆን ዳዶው በእጅ ብቻ ታስሮም ይህ ሁሉ አይመጣም።

መግጠም

ልጁ ሲመለስ እናቱ መሬት እየወለወለች ነበር። አዲሷ ካርትሪጅ ከመግባቷ በፊት ያ ቡናማ ውሃ ያመጣው አሸዋ ከአካሉ ውስጥ መውጣት ነበረበት። በንጹሕ ጨርቅ ጠረገችው። ልጁ ቀለበቶቹ በደንብ እንዲቀመጡ ቫዝሊን እንቀባ አለ። ከለከልኩ። ቫዝሊን ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ነው፣ አንዳንዱን የቧንቧ ጎማ ያሳብጠዋል።  ቀለበቶቹን በውሃ ማርጠብ ይበቃል።

ካርትሪጇን እሾሆቿ ጉድጓዳቸውን እስኪያገኙ ቀስ ብላ አዟዟረቻት። ስትገባ ጥግ ይዛ ትቆማለች፣ ግራ ቀኝ አትልም። ዳዶውን በእጅ እስከቻለ ድረስ፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር። ክዳኑ፣ እጀታው፣ ትንሿ ብሎን። ከዚያ የአፉን ወንፊት ፈታ አስቀመጠችው። ወንፊቱ ሳይፈታ ውሃ ከተለቀቀ መስመሩ ውስጥ ያለው አሸዋ ሁሉ እዚያ ይከማቻል። እጀታውን መሃል ላይ ክፍት አድርጋ ቫልቮቹን በዝግታ ለቀቀች። ውሃው አንድ ደቂቃ ያህል ፈሰሰ። ዘጋች።

ጠብ። ጠብ። ጠብ።

አሁንም ይንጠባጠባል

ረጅም አንገት ያለው ሚክሰር ከተዘጋ በኋላ አንገቱ ውስጥ የቀረው ውሃ ትንሽ ሊንጠባጠብ ይችላል። ስለዚህ አትቸኩሉ አልኩ። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። አላቆመም። በአራት በአምስት ሰከንድ አንድ ጠብታ።

መምህርቷ ዳዶው አልጠበቀም ብላ ሌላ ሩብ ዙር ጨመረች። እጀታው ጠነከረ፣ ጠብታው አልቀነሰም። ይህ ራሱ መልስ ነው። ዳዶ ማጥበቅ ካርትሪጇ ከመቀመጫዋ ጋር የምትገጥምበትን ቦታ ያሽጋል። ትንሽ ከላላ ማጥበቁ ይረዳል። እጀታው እስኪጠነክር ጠብቆም ውሃው የማይቆም ከሆነ ግን ከስር የሆነ ነገር አለ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ሳህኖቹን እርስ በርስ ያፋጫቸዋል፣ እጀታው በግድ የሚሄድ ይሆናል።

ልጁ «ሱቁ ሸወደኝ» አለ። ተቀዳሚው ጥርጣሬ ሁሌ እሱ ነው። እኔ ግን አሮጌዋን ካርትሪጅ አምጡልኝ አልኩ። ገለበጥኳት። ከስሯ ሦስት ቀዳዳ አለ፣ በእያንዳንዱ ዙሪያ የሲሊኮን ቀለበት ሊኖር ይገባል። አሮጌዋ ላይ ያሉት ሁለት ናቸው።

ሦስተኛው የት ሄደ? ቆጣሪው እንደገና ተዘጋ፣ ሁሉም እንደገና ተፈታ። መምህርቷ የስልኳን መብራት አብርታ አካሉ ውስጥ አየች። መቀመጫው ላይ፣ በሙቁ ቀዳዳ ዙሪያ፣ እንደ ነሐሱ ቡናማ የሆነች ቀጭን ክብ ተለጥፋለች። የሚክሰሩ አካል ናት ብሎ ማንም ያልፋታል። በጥርስ መፋቂያ እንጨት ስትነካት ተላጠች። ስድስት ዓመት ከውሃው ዝቃጭ ጋር ተጋግራ የቀረች የአሮጌዋ ቀለበት ናት። አዲሷ ካርትሪጅ ቀለበት ላይ ቀለበት ደርባ፣ በአንድ ወገን ዘንበል ብላ ነበር የተቀመጠችው። መምህርቷ በጨርቅ ስትጠርግም ቀለበቷ ሳትላቀቅ የቀረችው ጠፍጣፋና ጠንካራ ስለሆነች ነው።

መቀመጫውን በአቼቶ በራሰ ጨርቅ አጸዳች። በብረት ወይም በካቻቢቴ አይፋቅም፣ ጭረት ከቀረበት ውሃ ያሳልፋል። አዲሷን መልሳ ገጠመች። ዳዶውን በእጅ፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር፣ ከዚያ ቆመች። እጀታው ልስልስ ብሎ ይሄዳል። ማታ ከአፉ ስር ሶፍት አነጠፈች። ጠዋት ሶፍቱ ደረቅ ነበር። የከተማው ውሃ በሙሉ ግፊቱ በነበረበት ሌሊት መሆኑ ጥሩ ፈተና ሆነ።

አሮጌዋ ሆድ ውስጥ

ልጁ አሮጌዋን ከፈታት። ከስሯ ያለችው ክዳን በሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች የተያዘች ናት፣ በቢላ ጫፍ ተነሳች። ሁለቱ ሳህኖች እንደ እርጥብ መስታወት ተጣብቀው ነበር። አንሸራትቶ ሲለያያቸው የታችኛው ሳህን ላይ፣ የሙቁ ቀዳዳ ጠርዝ ሩዝ በምታህል ስፋት ተሸርፏል። የስኒ አፍ እንደሚሸረፍ። ሴራሚኩ ራሱ ጠንካራ ነው፣ በመዋል ብቻ እንዲህ አይሆንም። የአሸዋ ቅንጣት ጠርዙ ላይ ተይዛ እጀታው በላይዋ ሲዘጋ ይሸረፋል። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቡናማ ነው። ያ ቡናማ ነገር ከባዶ መስመር የተላቀቀ ዝቃጭና አሸዋ ነው።

እጀታውን ጫን አድርጎ መዝጋት መጀመሪያ የረዳው ለምን እንደሆነም እዚህ ላይ ተገለጠ። ሲጫን የላይኛው ሳህን ጥቂት አልፎ ሄዶ የተሸረፈውን ቦታ ይሸፍናል። ስብራቱ ሲሰፋ መሸፈኑ አቃተው።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው የሙቁን ቫልቭ ዘግቶ ጊዜ መግዛት፣ ካርትሪጇን ራሷን ሱቅ መውሰድና ከስር ያሉትን ቀለበቶች መቁጠር ነው። ያልሠራው ጎሚኒው፣ በፎቶ መግዛቱና ጠብታ ባየን ቁጥር ዳዶ ማጥበቁ ነው። ሥራው በጠቅላላ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀ። ቆጣሪው ቀድሞ ተዘግቶ፣ ልኩ በቁጥር ተይዞ፣ ቀለበቶቹ ተቆጥረው ቢሆን ኖሮ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ነበር፤ የሱቁ መንገድ ሳይቆጠር።

ለሌላ ቤት የሚሆን

ሮቶ ያለው ቤት ውስጥ ሚክሰር የሚፈታ ሰው ሁለት ቦታ ይዝጋ፣ ሮቶውንም ቆጣሪውንም። ከዚያ ሌላ ቧንቧ፣ የመታጠቢያውን ወይም የሽንት ቤቱን፣ ከፍቶ ውሃው በእርግጥ መቆሙን ይይ።

አሮጌዋን ካርትሪጅ እንዳወጣ ይገልብጣት። የጎደለ ቀለበት ካለ መቀመጫው ላይ አለ ማለት ነው፣ ባይታይም በእንጨት ይዳስሰው። ይህን ያየሁት በዚህ ቤት ብቻ አይደለም። «አዲሱ ካርትሪጅ ፎርጅድ ነው» ተብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ የተቀየረበትን ሚክሰር ከፍቼ አሮጌ ቀለበት ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ፣ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፈተው ሚክሰር አይሁን። ጎሚኒ ያለውን የድሮ ቧንቧ፣ ለምሳሌ የልብስ ማጠቢያውን፣ ከፍቶ ቡናማው እስኪያልፍ ማፍሰስ። ጎሚኒ በሳንቲም ይቀየራል፣ አሸዋውን እሱ ይቀበል። መምህርቷ አሁን ቡናማውን በባልዲ ይዛ ለሽንት ቤት ታደርገዋለች።

ቧንቧ ሠራተኛ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ዳዶው አልፈታ ብሎ አካሉ አብሮ የሚዞር ከሆነ፣ የነሐሱ መቀመጫ ራሱ ተበልቶ ከጎደጎደ፣ ወይም ሲንክ ስር ያለውን ቫልቭ ሲያዞሩ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ እጅን መሰብሰብ ነው። የመጨረሻው በተለይ ግድግዳ ያስፈርሳል።

የዚህ ቤት የቀዝቃዛ ቫልቭ እስካሁን አልተቀየረም። ከግድግዳው ጋር ዝጎ ተጣብቋል፣ እኔም እንዳይነኩት ነግሬያቸዋለሁ። መምህርቷ ቆጣሪው ላይ «ኩሽና ከመፍታት በፊት እዚህ» የሚል ወረቀት በፕላስተር ለጥፋለች። አሮጌዋ ካርትሪጅ መሳቢያ ውስጥ ከጎሚኒዎቹ ፌስታል ጋር ናት፣ «35፣ ጠፍጣፋ፣ ረጅም» ተብሎ ተጽፎባት።